አርባ አንድ መስመር

መልእክቱ የደረሳት ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። «ራሔል፣ የመክፈያው ነገር ሳያልቅ ሥራው ተጠናቋል ማለት አልችልም። ከመጀመሪያው የተነጋገርንበት ነው። ቀሪውን ክፍያም ያን ጊዜ እፈጽማለሁ።» ላኪው አቶ ዳዊት ነበሩ፤ ለማሠልጠኛ ተቋማቸው ድረ ገጽ እንድትሠራላቸው ከሦስት ወር በፊት ውል የተፈራረሟት ደንበኛዋ።

ውሉ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር። አምስት ገጾች፣ በኢሜይል ለጽሕፈት ቤቱ የሚደርስ የምዝገባ ቅጽ፣ ሁለት ዙር ማስተካከያ፤ ከክፍያው አርባ በመቶው በቅድሚያ፣ ስድሳ በመቶው በርክክብ ጊዜ። ተማሪው ገንዘቡን እዚያው ድረ ገጹ ላይ እንዲከፍል ስለማድረግ የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረበትም። በግሏ መሥራት ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን የያዘችው ራሔል ይህን በእርግጠኝነት ታውቅ ስለነበር፣ ውሉን አያይዛ «እባክዎ ሁለተኛውን አንቀጽ ይመልከቱ» የሚል አጭር መልስ ጻፈች። ሳትልከው ግን ቆመች። አቶ ዳዊት የሚዋሹ ሰው አልነበሩም፤ በሦስት ወር ውስጥ አንድም ጊዜ ቃላቸውን አላጠፉባትም። እንዲህ ያለ ሰው «ተነጋግረናል» ካለ፣ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ቀን የተባለ ነገር መኖር አለበት።

ራሔል ሥራዋን የምትመዘግበው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ብዙ ባልደረቦቿ ሰሌዳና ቀለም፣ ማሳሰቢያና ስዕላዊ ሠንጠረዥ ያላቸውን ፕሮግራሞች ይጠቀማሉ፤ እርሷም ሁለቱን ሞክራቸው ነበር። ችግሩ ደንበኛ በስልክ እየተናገረ አዲስ መስኮት ከፍቶ፣ ዓይነቱን መርጦ፣ ሰዓቱን ሞልቶ መመዝገብ የማይቻል መሆኑ ነው፤ ከሰውየው ንግግር ግማሹ በዚያ መሐል ያመልጣል። በፋይሉ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አንድ መስመር ነው፤ ቀኑን ትጽፋለች፣ የተባለውን በተባለበት ቃል ታስቀምጣለች፣ መጨረሻው ላይ በውሉ ውስጥ ከሆነ +ውል፣ ካልሆነ +አዲስ የሚል ምልክት ትጨምራለች። ሲያልቅ መስመሩ መጀመሪያ ላይ x እና ያለቀበትን ቀን ትጽፋለች። ከዚህ ሌላ ሥርዓት የለውም።

ያን ቀን ፋይሉን ስትከፍተው አርባ አንድ መስመር ነበረው። ከውሉ ውጭ የሆኑትን ብቻ ለማየት ይህን ጻፈች፦

```
grep "+አዲስ" todo.txt
```

አሥራ ሁለት መስመሮች ወጡ። ሰባቱ ያለቁ ናቸው፤ የአርማውን መጠን እንደ መቀየር፣ የስልክ ቁጥር እንደ መጨመር ያሉ፣ ዋጋ ለመጠየቅ ያፈረችባቸው ጥቃቅን ሥራዎች። ካልተሠሩት አምስት መካከል አንዱ ዓይኗን ያዘው፦

```
2024-03-19 "ተማሪው እዚያው ቢከፍልስ?" በስልክ። ይቻላል አልኋቸው፤ ዋጋ አልተነሣም +አዲስ
```

መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይቻላል» ያለችው እርሷ ናት። እርሷ ለማለት የፈለገችው ነገሩ በቴክኒክ የሚሠራ መሆኑን ነበር፤ አቶ ዳዊት የሰሙት ደግሞ እሠራዋለሁ ማለቷን ነው። ሁለቱም ትክክል ሰምተዋል፤ ቃሉ ራሱ ሁለቱንም ይሸከማልና። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ድረ ገጾችን ሲጠብቁ ኖረዋል ማለት ነው። ውሉን አያይዛ ብትልከው ኖሮ አታለለችኝ ብለው ያስቡ ነበር፣ ማሰባቸውም ያለ ምክንያት አይሆንም ነበር።

ከዚያ የቀሩትን ሃያ ዘጠኝ የውል መስመሮች አንድ በአንድ ወረደችባቸው። x የሌለው አንድ መስመር አገኘች፦

```
2024-03-26 የመምህራን ፎቶ ሲነካ ታሪካቸው እንዲከፈት +ውል
```

ይህን ጨርሶ ረስታው ነበር። ሥራው ተጠናቋል ብላ የርክክብ ደብዳቤ የላከችው በዚህ ጉድለት ላይ ነው። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ በውሉ መስመሮች መካከል፣ ደክሟት በነበረ ምሽት የጻፈችው «የፊት ገጹ ጽሑፍ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሐሳባቸውን ቀየሩ» የሚል ነበር። ዝርዝሩ ለራሷ እንጂ ለማንም ዓይን የተጻፈ አልነበረም።

እነዚያን ሁለት መስመሮች ለማጥፋት አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። እጇ ቁልፉ ላይ ቆየ። ግን አንዱን መስመር ካስተካከለች ቀሪዎቹ አርባው ማስረጃ መሆናቸው ይቀራል፤ በተባለበት ቀን የተጻፈ መሆኑ ነው ክብደት የሚሰጠው፣ እርሱም የሚጸናው ማንም ሳይነካው ሲቀር ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉን እንዳለ አያይዛ ይህን ጻፈች፦

«አቶ ዳዊት፣ ከእርስዎ የሰማሁትን ሁሉ በዕለቱ የመዘገብሁበትን ማስታወሻ ልኬልዎታለሁ፤ ለራሴ የጻፍሁት ስለሆነ ያልተገባ ቃል ካገኙበት ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመክፈያውን ጉዳይ ማንሣትዎ እውነት ነው፣ ይቻላል ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ከውሉ ውጭ መሆኑንና የራሱ ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜውኑ መናገር ነበረብኝ። የመምህራኑ ገጽ ደግሞ በውሉ ያለ ሆኖ ሳላጠናቅቀው ቀርቻለሁ። እርሱን እስከ ዓርብ ጨርሼ አስረክባለሁ። የቀሩትን አምስት አዳዲስ ጥያቄዎች አብረን ብናያቸው ደስ ይለኛል።»

ያን ቀን መልስ አልመጣም። ረቡዕ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

«አነበብሁት» አሉ አቶ ዳዊት። ድምፃቸው የትናንቱ መልእክት ድምፅ አልነበረም። «የምስክር ወረቀት ማረጋገጫ የሚለውን ማን ነው የጠየቀሽ? እኔ አላውቀውም።»

«የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ በኢሜይል ነው የጠየቁኝ። ቀኑ ተጽፏል።»

«አይቼዋለሁ። እርሱ ይቅር፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።» ጥቂት ዝም አሉ። «ሦስት ጊዜ መቀየሬም እውነት ነው። ሁለት ዙር ነበር ውላችን።»

ራሔል የምትመልሰው ጠፋት።

«መክፈያው ያስፈልገኛል» ቀጠሉ፤ «ለብቻው ስንት እንደሚሆን ጻፊልኝ፣ ሌላ ውል እንፈራረማለን። የዚህኛውን ቀሪ ክፍያ ግን የመምህራኑ ገጽ ሲያልቅ እልክልሻለሁ፤ ሁለቱን አናያይዛቸው።»

የመምህራኑን ገጽ ሐሙስ ማታ ጨረሰችው። መስመሩ መጀመሪያ ላይ x ከጻፈች በኋላ ፋይሉን ዳግመኛ ላከችላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ መላኩን ቀጠለች፤ ለእርሳቸው ብቻ ሳይሆን ለሌሎቹ ሁለት ደንበኞቿም። ስልክ ላይም «ይቻላል» ማለት ሲመጣባት «መሥራት ይቻላል፣ ግን በውላችን የለም» ብላ እስከ መጨረሻው መናገርን ለመደች። መጀመሪያ ላይ አፏን ከብዶት ነበር። ቀሪው ክፍያ በሁለተኛው ሳምንት ገባላት።

የሁለተኛው ውል ሥራ ተጀምሮ አሥር ቀን እንደሆነው አቶ ዳዊት ደወሉ።

«አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች» አሉ። ራሔል ፋይሉን ከፈተችው። «ከፋዩ ደረሰኙ በኢሜይል ቢደርሰው ጥሩ ነው። ጻፍሽው?»

«እየጻፍሁ ነው።»

«ምልክቱ የትኛው ነው የሚሆነው?»

ውሉን በሌላኛው መስኮት ከፍታ አራተኛውን አንቀጽ አየችው። ደረሰኝ የሚለው ቃል እዚያው ተጽፎ ነበር።

«ውል ነው» አለቻቸው።

«መልካም። እስቲ እንዴት እንደጻፍሽው አንብቢልኝ።»