የቦይ ጠረጋው ቅዳሜ ግንቦት 29 ነው

ጤና ይስጥልን ጎረቤቶች። የእድራችን ሊቀመንበር ትናንት ማታ የላኩትን ቮይስ እስከ መጨረሻው ለማዳመጥ ጊዜ ላላገኛችሁ (ረጅም ነው፣ መሃል ላይ የአምናው ጎርፍ ታሪክ ከነዝርዝሩ አለበት) ፍሬ ነገሩ ይኸውላችሁ።

ቀን፦ ቅዳሜ ግንቦት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.። ቮይሱ መጀመሪያ ላይ እሁድ ይላል፤ ቅዳሴ ትዝ ሲላቸው ራሳቸው አስተካክለውታል። እሁድ የሚመጣ ሰው ማንንም አያገኝም።

ሰዓት፦ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 5:00። ፀሐይ ሳይበረታ እንጨርስ።

ቦታ፦ ቀበና፣ የእድሩ ቤት ግቢ። አዲስ ተከራዮች ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ሳትሻገሩ በግራ ባለው ኮብልስቶን ግቡ፤ አረንጓዴው የቆርቆሮ በር ነው።

የምንጠርገው ከኮብልስቶኑ መግቢያ እስከ ሱቁ ያለውን የዝናብ ቦይ ነው። ሱቁ ፊት ያለውን ክዳን አንስተን አይተነዋል፦ ላዩን ሃይላንድ፣ ከሥሩ ፌስታል ከደለል ጋር ተጠቅልሎ ውሃው የሚያልፍበት የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። ሰኔ ዝናቡን ይዞ ሲመጣ ከላይ የሚወርደው ውሃ መሄጃ ካጣ ወደ ታችኛዎቹ ቤቶች ነው የሚዞረው፣ አምና አልጋ ሥር የገባው እንደዚያ ነው።

ይዛችሁ የምትመጡት፦ አካፋ ወይም ዶማ ያለው አካፋና ዶማ፣ የሌለው ባዶ ማዳበሪያ። ማዳበሪያ አምና ስላጠረን ከአንድ ቤት ሁለት ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው። ጓንትና ቦት ጫማ የግድ፤ ቦዩ ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ አለ፣ በሸበጥ የመጣ ሰው ወደ ቡና ማፍያው ይላካል። ክዳኖቹ ከባድ ስለሆኑ ዲጂኖ ያላችሁ አደራ። ባሬላ እድሩ አለው።

የወጣው ደለል በማዳበሪያ ታስሮ ግቢው በር ላይ ይከመራል፣ መኪና ይወስደዋል። ቦዩ ዳር መተው የለም፣ አንድ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ወንዙ ውስጥ መድፋትማ ጭራሽ አይታሰብም። የሽንት ቤት ፍሳሽ ማንሆል ማንም እንዳይከፍት፣ ጋዙ አደገኛ ነው፣ ሥራውም የውሃና ፍሳሽ ነው። ልጆች ግቢ ውስጥ ይቆዩ።

ቡናና ቆሎ እናቶች ያዘጋጃሉ፤ የሰኔ ጾም ስለገባ ሌላ ነገር የምታመጡ የጾም ይሁን።

ቅጣትን በተመለከተ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆኛል። ቮይሱ ላይ «የቀረ ይቀጣል» ያሉት እየሳቁ ነው፣ ኮሚቴው የቆረጠው ብር የለም። ስም ግን ይያዛል። መምጣት የማትችሉ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ ጻፉ፣ በጽሑፍ ይሁን እባካችሁ፣ ሌላ ቮይስ አታስገልብጡኝ።

የእድሩ ጸሐፊ