የ20/10 ቻናል ብሬክአውት፦ የምንገባበትና የምንወጣበት ደንብ

ይህ ሁለታችን በአንድ ሂሳብ የምንሠራበት ሲስተም ሙሉ ደንብ ነው። እስካሁን ግማሹ በእኔ ጭንቅላት፣ ግማሹ በአንተ ማስታወሻ ላይ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ፖዚሽን ላይ እኔ «ወጥተናል» ስል አንተ «ገና ውስጥ ነን» ያልከኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ማናችንም አልተሳሳትንም፤ የምንወጣው ዋጋው መስመሩን ሲሰብር ይሁን ባሩ ከመስመሩ በታች ሲዘጋ፣ የትም አልተጻፈም ነበር። ከነገ ጀምሮ የሚሠራው እዚህ የተጻፈው ነው።

መስመሮቹ

የምንሠራው በዕለታዊ ባር ብቻ ነው። አራት መስመሮች አሉን። ያለፉት 20 ቀናት ከፍተኛ ዋጋ የሎንግ መግቢያ፣ ያለፉት 20 ቀናት ዝቅተኛ ዋጋ የሾርት መግቢያ ነው። ያለፉት 10 ቀናት ዝቅተኛ ዋጋ ከሎንግ ያስወጣናል፤ ያለፉት 10 ቀናት ከፍተኛ ዋጋ ከሾርት ያስወጣናል። ከፍተኛና ዝቅተኛ የምንለው የባሩን ጫፍ ነው፣ መዝጊያውን አይደለም። ገበያ የተዘጋበት ቀን አይቆጠርም።

«ያለፉት» የምትለዋን ቃል አደራ። የዛሬው ባር ቆጠራው ውስጥ አይገባም። ከገባ ዋጋው በወጣ ቁጥር መስመሩንም አብሮ ይዞት ይወጣል፣ ስለዚህ የዛሬ ዋጋ የዛሬን መስመር መቼም ሊሰብር አይችልም። ብዙ ፕላትፎርሞች ላይ ያለው የዶንቺያን ቻናል ኢንዲኬተር ግን የዛሬውን ባር ጨምሮ ነው የሚስለው። ቻርቱ ላይ ስታነብ ትላንት የተዘጋው ባር ላይ ያለውን ቁጥር ውሰድ። ባክቴስቱ ላይ መስመሩን አንድ ቀን ወደፊት የሚገፋው `shift(1)` ነው፤

```python
hi20 = df["high"].rolling(20).max().shift(1)
lo20 = df["low"].rolling(20).min().shift(1)
hi10 = df["high"].rolling(10).max().shift(1)
lo10 = df["low"].rolling(10).min().shift(1)
```

አገባብ

በእጃችን ምንም ፖዚሽን ከሌለ፣ ሁልጊዜ ሁለት ኦርደር ተቀምጦ ይጠብቃል፦ ከ20 ቀን ከፍተኛው አንድ ቲክ ከፍ ብሎ ባይ ስቶፕ፣ ከ20 ቀን ዝቅተኛው አንድ ቲክ ዝቅ ብሎ ሴል ስቶፕ። ኦርደሮቹ የሚታደሱት ዕለታዊው ባር ከተዘጋ በኋላ፣ በቀን አንዴ ነው። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይሰረዛል። ዋጋው ከመስመሩ አልፎ በጋፕ ከተከፈተ በተከፈተበት ዋጋ እንገባለን፤ «ትንሽ ይመለስ» ብለን አንጠብቅም። ጠንካራ ትሬንድ አብዛኛውን ጊዜ ለጠባቂ አይመለስም።

የብሮከራችን ቻርት የሚያሳየው የቢድ ዋጋ ነው፤ የግዢ ኦርደር የሚሞላው ግን በአስክ ነው። ስለዚህ በማንኛውም የግዢ ኦርደር ላይ፣ ማለትም በሎንግ መግቢያና በሾርት መውጫ፣ የስፕሬዱን መጠን እንጨምራለን። ካልጨመርን ቻርቱ ላይ ያልተሰበረ መስመር «ተሰበረ» ተብሎ ይሞላብናል።

ኢንተርኔት ተቋርጦ ወይም ኦርደሩ ተረስቶ መግቢያ ቢያመልጠን ዋጋውን አሯሩጠን አንገዛም። በማግስቱ የ20 ቀን ከፍተኛው የትላንቱ አዲስ ጫፍ ሆኖ ይገኛል፤ ኦርደሩን እዚያ ላይ እናስቀምጣለን። ትሬንዱ እውነተኛ ከሆነ ያንንም ይሰብራል።

መጠንና የመጀመሪያው ስቶፕ

በአንድ ትሬድ ከሂሳባችን 1 በመቶ በላይ አናጋልጥም። የመጀመሪያው ስቶፕ ከመግቢያችን በ20 ቀን ኤቲአር ሁለት እጥፍ ይርቃል። መጠኑን ለማግኘት 1 በመቶውን ለዚህ ርቀት እናካፍላለን፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ወደታች ይጠጋጋል። መጠን መጨመር የለም፣ ፒራሚድ የለም። ኪሳራ ላይ መጨመር ደግሞ በጭራሽ።

መውጫው

የዚህ ሲስተም ነፍስ እዚህ ላይ ነው። መግቢያውን ማንም ቻርት የሚያነብ ሰው በአንድ ደቂቃ ይረዳዋል፤ ገንዘቡ የሚገኘውም የሚጠፋውም ግን በመውጫው ነው።

ሎንግ ከሆንን፣ ካለፉት 10 ቀናት ዝቅተኛ ዋጋ አንድ ቲክ ዝቅ ብሎ ሴል ስቶፕ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ስቶፕና የ10 ቀኑ መስመር ሲለያዩ ለዋጋው የሚቀርበው ይሠራል። ዋጋው ከደረሰበት በዚያው ቅጽበት ወጥተናል፣ የባሩን መዝጊያ አንጠብቅም። ሾርት ላይ ያው በግልባጩ ነው። ቋሚ የትርፍ ግብ የለንም። ግማሹን ሸጦ ግማሹን መያዝ የለም። ስቶፕን «ወደ መግቢያችን ዋጋ እናምጣው» ማለትም የለም።

ስንከራከርበት የነበረው ነገር መልሱ ይኸው፦ ስብራት ነው፣ መዝጊያ አይደለም። ምክንያቴን ልንገርህ። በስብራት የምንወጣ ከሆነ፣ ሎንግ እስከሆንን ድረስ መስመሩ መቼም ወደታች አይወርድም። የ10 ቀን ዝቅተኛ ዋጋ ሊወርድ የሚችለው ዋጋው ከእሱ በታች ከሄደ ብቻ ነው፤ ከሄደ ደግሞ እኛ ወጥተናል። ስለዚህ መስመሩ ወይ ባለበት ይቆማል፣ ወይ ይወጣል። በመዝጊያ የምንወጣ ከሆነ ግን ዋጋው ቀን ላይ መስመሩን በስቶ ወርዶ ማታ ከመስመሩ በላይ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ አንወጣም፣ በማግስቱ ግን አዲሱ የ10 ቀን ዝቅተኛ ያ የወረደበት ጫፍ ይሆናል። ስቶፓችን በገዛ ራሱ ወረደ ማለት ነው። ባለፈው ወር ያየነው ይህንኑ ነበር፤ አንተ በያዝክበት ስሌት መስመሩ ሁለት ጊዜ ወርዶ ነበር። በመዝጊያ መውጣት የራሱ ጥቅም አለው፣ በቀን ውስጥ ከሚከሰት አጭር መንሸራተት ያድናል። ግን ስጋቴን አስቀድሜ መቁጠር የምችልበትን ሲስተም እመርጣለሁ።

በቁጥር እንየው። ስፕሬድ አልጨመርኩም፣ ቲኩ 0.05 ነው። ሂሳቡ 30,000፣ የ20 ቀን ከፍተኛው 148.60፣ ኤቲአር 2.40። ባይ ስቶፑ 148.65 ላይ ሞላ። የመጀመሪያው ስቶፕ 4.80 ዝቅ ብሎ 143.85 ላይ ነው። 1 በመቶው 300 ስለሆነ፣ ለ4.80 ሲካፈል 62.5 ይመጣል፤ 62 ገዛን። የገባንበትን ቀን ዜሮ እንበለው። በዚያ ቀን የ10 ቀን ዝቅተኛው 142.10 ነው፣ ከመግባታችን 7 ቀን በፊት የተሠራ። 143.85 ስለሚቀርብ የሚጠብቀን እሱ ነው።

በ4ኛው ቀን ገበያው ምንም የተለየ ነገር ሳያደርግ መስመሩ ዘለለ። 142.10 የነበረበት ባር ከ10 ቀኑ ቆጠራ ወጣ፤ ቀጣዩ ዝቅተኛ፣ ከመግባታችን ሁለት ቀን በፊት የተሠራው፣ 144.30 ነበር። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ስቶፕ ሥራው አበቃ፣ ኦርደሩ 144.25 ላይ ሆነ። በ9ኛው ቀን ደግሞ 144.30ም ወጣና መስመሩ 145.90 ገባ። መስመሩ በደረጃ ነው የሚወጣው፦ ለቀናት ተኝቶ ይቆይና በአንድ ማለዳ ይዘላል። ኦርደሩን በየቀኑ አድስ የምልህ ለዚህ ነው፤ ቻርቱ ጸጥ ያለ ቀን ላይ መስመሩ ሊቀየር ይችላል።

ዋጋው በ24ኛው ቀን 163.40 ደረሰ። ከዚያ መንሸራተት ጀመረ። በ29ኛው ቀን የ10 ቀን ዝቅተኛው 157.95 ነበር፣ ኦርደራችን 157.90 ላይ። ገበያው በጋፕ 157.60 ላይ ተከፈተ፣ እዚያው ወጣን። ትርፉ በአንዱ 8.95፣ በ62 ደግሞ 554.90 ነው። ለአደጋ ካጋለጥነው ጋር ሲነጻጸር 1.86 እጥፍ ገደማ።

ከጫፉ ግን 5.80 መልሰናል፣ በጠቅላላው 359.60። ይሄ ያማል። ቻርቱን እያየህ ለአምስት ቀን ትርፍህ ሲቀልጥ መቀመጥ ከባድ ነው፣ እኔንም ከብዶኛል። ሆኖም ያ ጫፍ ጫፍ መሆኑን ያወቅነው ካለፈ በኋላ ነው። በ20ኛው ቀን ላይ ትንሽ ወረድ ሲል ፈርተን ብንወጣ ኖሮ 163.40ን አናይም ነበር።

ለምን 20 እና 10?

ሪቻርድ ዶንቺያን ያወጣው የአራት ሳምንት ደንብ ሁልጊዜ ገበያ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፦ የአራት ሳምንት ጫፍ ሲሰበር መግዛት፣ የአራት ሳምንት ዝቅተኛ ሲሰበር ያንን ዘግቶ መሸጥ። በ1983 ሪቻርድ ዴኒስና ዊልያም ኤክሃርት ያሠለጠኗቸው ተርትልስ የተባሉት ትሬደሮች ደግሞ ሁለት ዓይነት ነበራቸው፤ አንዱ በ20 ቀን ገብቶ በ10 ቀን የሚወጣ፣ ሌላው በ55 ገብቶ በ20 የሚወጣ። የእኛ የመጀመሪያው ነው። እነሱ በአጭሩ ሲስተም፣ ያለፈው ብሬክአውት አትራፊ ከነበረ ቀጣዩን ይዘሉ ነበር፤ ለዘለሉት ደግሞ የ55ቱ መግቢያ መጠባበቂያ ሆኖ ያገለግላቸዋል። እኛ መጠባበቂያው ስለሌለን ምንም አንዘልም።

መውጫው ከመግቢያው ማጠሩ ሌላም ነገር ይሰጠናል። የ10 ቀን ዝቅተኛ ከ20 ቀን ዝቅተኛ በታች ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ ከሎንግ ሳንወጣ የሾርት ምልክት አይመጣም። ከወጣን በኋላ አንዱ የ20 ቀን ጫፍ እስኪሰበር ባዶ እጃችንን እንቀመጣለን። ሬንጅ በሆነ ገበያ ትልቁ ጠላታችን የውሸት ብሬክአውት ነው፤ ይህ ባዶ ጊዜ ከፊሉን ያስቀርልናል፣ ሁሉንም አይደለም። በተከታታይ 7 ወይም 8 ኪሳራ ቢመጣ ሲስተሙ ተበላሸ ማለት አይደለም። ከ100 ትሬድ 40 ብቻ ብናተርፍ፣ ኪሳራ ላለመውደቅ አማካይ ትርፋችን ከአማካይ ኪሳራችን 1.5 እጥፍ መሆን አለበት። ትርፍን አስቀድሞ መቁረጥ የሚያፈርሰው ይህንን ስሌት ነው፤ ጥቂቶቹ ረጃጅም ትሬዶች ካልቀሩልን የብዙዎቹን ትናንሽ ኪሳራ የሚከፍል የለም።

ባክቴስት ላይ አንድ ባር መግቢያውንም ስቶፑንም ከነካ ኪሳራ ብለን እንቆጥራለን፤ ዕለታዊ ባር የትኛው እንደቀደመ አይነግረንም። ቁጥሮቹን፣ 20ውንም 10ሩንም፣ ፖዚሽን በተከፈተበት ጊዜ አንቀይርም።

ደንቡ ከነገ መክፈቻ ጀምሮ ይሠራል፣ አሁን በያዝነው ሾርት ላይም ጭምር። የ10 ቀን ከፍተኛው 93.20 ነው። አንድ ቲክ ሲጨመር 93.25፣ ስፕሬዱ 0.10 ሲጨመር 93.35። የመጀመሪያው ስቶፕ 95.40 ላይ ስለሆነ የሚቀርበው ይህ ነው። ባይ ስቶፑን ዛሬ ማታ 93.35 ላይ አስቀምጠው፣ አሮጌውን ሰርዘው።