የደም ግፊት ክኒን ሲጀምሩ፦ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም

የታዘዘልዎ በቀን አንድ ክኒን ነው። ጠዋትም ሆነ ማታ፣ ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ መውሰድ ይችላሉ፤ ዋናው ነገር ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው። ጥርስዎን ከሚቦርሹበት ጊዜ ጋር ካያያዙት አይረሱትም።

ከረሱና መውሰድ ከነበረብዎ ጊዜ ከ12 ሰዓታት በላይ ካላለፈ ወዲያው ይውሰዱ። ካለፈ ይተዉትና የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይውሰዱ። ለማካካስ ብለው ሁለት ክኒን በአንድ ጊዜ አይዋጡ።

መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ የፊት መጋል ወይም ማዞር ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቁጭ ይበሉ፣ ከዚያ ይቁሙ። የቁርጭምጭሚት እብጠትም የተለመደ ነው። ማታ ቁርጭምጭሚትዎን በጣትዎ ተጭነው ሲለቁ ጎድጎድ ብሎ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም ጫማ ከጠበበዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የፊት ወይም የከንፈር እብጠት ካጋጠመ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ልኬቱ 125/80 ሲሆን «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። ልኬቱን ያወረደው ክኒኑ ነው። ሲቆም ግፊቱ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል፤ ምልክት ስለማይሰጥም አይታወቅዎትም። ስትሮክና የልብ ድካም የሚመጡት እንዲህ ነው። ማቆም ከፈለጉ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። 7 ክኒን ሲቀርዎ አዲስ ያውጡ።

እርጉዝ ከሆኑ ወይም ሲምቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።