የሴሚናር ንግግር፦ ትምህርት ቤት መስራት ደሞዝ ይጨምራል ወይ? የዱፍሎ የኢንዶኔዥያ ጥናት

ሰላም ናችሁ፣ መምህር ከፈቀዱልኝ ልጀምር። የዛሬው ጥናት የኤስተር ዱፍሎ ነው፣ በፈረንጆቹ 2001 አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ላይ የወጣ፣ እሷ ራሷ በ2019 ከባነርጂና ከክሬመር ጋር ኖቤል ያገኘችው ማለት ነው። ኢኮኖሜትሪክስ ያልወሰዳችሁ እንደምትበዙ አውቃለሁ፣ ከሶሲዮሎጂም ከጂኦግራፊም የመጣችሁ አላችሁ፣ ስለዚህ ፎርሙላ አንዴ ብቻ ነው የማሳያችሁ፣ ማንን ከማን ጋር እንዳወዳደረች ከያዛችሁ ሌላው በራሱ ይመጣል።

ጥያቄዋ ይሄ ነው፣ መንግስት ትምህርት ቤት ሲሰራ ልጆቹ እውነት ብዙ አመት ይማራሉ ወይ፣ አድገው ስራ ሲይዙስ ደሞዛቸው ይጨምራል ወይ። የተማረ ሰው የተሻለ ደሞዝ እንደሚያገኝ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ትምህርቱ ነው ያመጣለት ወይስ ቤተሰቡ ስለነበረው ነው የተማረውም ደሞዙም የበዛው? ይሄን መለየት ነው ከባዱ።

ኢንዶኔዥያ የነዳጅ ገንዘብ ሲገባላት ከ1973/74 እስከ 1978/79 ባለው ጊዜ ከ61,000 በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰራች። ከ7 እስከ 12 አመት ያሉ ልጆች የትምህርት ተሳትፎ በ1973 ከነበረበት 69 በመቶ በ1978 ወደ 83 በመቶ ደረሰ። ትምህርት ቤቶቹ ግን እኩል አልተከፋፈሉም፣ ብዙ ያልተማረ ልጅ ያለበት አካባቢ ነው ብዙ የተሰራው፣ ይሄን ያዙልኝ።

ለምን መሰላችሁ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ያገኙ አካባቢዎችን ዝም ብላችሁ ጥቂት ካገኙት ጋር ብታወዳድሩ ትምህርት ቤት የጎዳ ይመስላል! ወጣቶቹን ብታዩ ብዙ በተሰራበት አካባቢ አማካይ ትምህርት 8.49 አመት ነው፣ ጥቂት በተሰራበት 9.76። እዚሁ የኛውን አስቡት፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሰውን ገቢ ለውጧል ወይ ብላችሁ የዛሬውን ኮምቦልቻ ከዛሬው ደሴ ጋር ብታወዳድሩ ምንም አይነግራችሁም፣ ሁለቱ ከተሞች ፓርኩ ሳይመጣም ይለያያሉ። ማየት ያለባችሁ ከፓርኩ በፊትና በኋላ ኮምቦልቻ ምን ያህል ተለወጠ፣ በዛው ጊዜ ደሴስ ምን ያህል ተለወጠ፣ ከዛ የሁለቱን ለውጥ ልዩነት ነው። ዲፍ ኢን ዲፍ የሚሉት ይሄው ነው፣ የልዩነት ልዩነት።

ዱፍሎ በፊትና በኋላን ያገኘችው ከእድሜ ነው፣ ይሄ በጣም ደስ ይላል። በ1974 ከ2 እስከ 6 አመት የነበረ ልጅ አዲሱ ትምህርት ቤት ይደርስለታል፣ ከ12 እስከ 17 የነበረው ግን የአንደኛ ደረጃ እድሜው አልፏል። ሁሉም አድገው በ1995 በተሰበሰበ ዳታ ላይ ወንዶቹን አገኘቻቸው፣ የመደበቻቸውም አሁን በሚኖሩበት ሳይሆን በተወለዱበት ቦታ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ስራ ፍለጋ ይሄዳል። ብዙ በተሰራበት ከትልልቆቹ ወደ ትንንሾቹ ትምህርት ከ8.02 ወደ 8.49 አደገ፣ 0.47። ጥቂት በተሰራበት ከ9.40 ወደ 9.76፣ 0.36። ልዩነቱ 0.12 አካባቢ (የተጠጋጋ ስለሆነ ስታሰሉት 0.11 ይመጣል)። ስታንዳርድ ኤረሩ፣ ግምቱ በአጋጣሚ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው ቁጥር፣ ግን 0.089 ነው፣ ማለትም ቁጥሩ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል፣ በዚህ ብቻ ማሳመን አይቻልም፣ እሷም አልቆመችም።

ሪግሬሽኑ፣ አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላው ምን ያህል እንደሚለወጥ ከዳታ የሚገምተው ስሌት፣ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። አካባቢን ብዙና ጥቂት ብላ ለሁለት ከመክፈል ለ1,000 ልጅ ስንት ትምህርት ቤት እንደተሰራ ትጠቀማለች፦

```
S = a_j + b_k + g*(P_j*T_i) + e
```

S የተማረበት አመት፣ a_j የተወለደበት አካባቢ ቋሚ ልዩነት፣ b_k የተወለደበት አመት፣ P_j የትምህርት ቤቱ ብዛት፣ T_i ትንሽ ከሆነ 1 ትልቅ ከሆነ 0፣ e ሌላው ያልተለካ ሁሉ። እኛ የምንፈልገው gን ብቻ ነው፣ ለ1,000 ልጅ አንድ ትምህርት ቤት ሲጨመር ለትንንሾቹ ትምህርት ስንት አመት እንደሚጨምር የሚነግረን እሱ ነው፣ ለደሞዝም በS ቦታ ደሞዝን ታስገባለች። ውጤቱ ለ1,000 ልጅ አንድ ትምህርት ቤት ሲጨመር ትምህርት ከ0.12 እስከ 0.19 አመት፣ ደሞዝ ደግሞ ከ1.5 እስከ 2.7 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱን አያይዛ አንድ ተጨማሪ የትምህርት አመት ደሞዝን ከ6.8 እስከ 10.6 በመቶ ያሳድጋል ትላለች።

እኔን ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ያልደረሳቸውን ሁለት ቡድኖች፣ ከ12 እስከ 17 የነበሩትን ከ18 እስከ 24 ከነበሩት ጋር በዛው መንገድ አወዳደረች፣ ብዙ የተሰራባቸው አካባቢዎች ድሮውንም በራሳቸው እያደጉ ቢሆን ኖሮ እዚህም ልዩነት ይታይ ነበር፣ ያገኘችው ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው።

የማይመልሰውም አለ፣ ሴቶች የሉበትም፣ ዋናው የደሞዝ ስሌትም ተቀጥሮ ደሞዝ የሚያገኘውን ነው የሚያየው፣ ገበሬውንና በራሱ የሚሰራውን ለማካተት ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ሰንጠረዡ ስላይዱ ላይ አለ፣ ከ8.49 ተነስታችሁ 0.12 እስክትደርሱ አብረን እንቀንሰው፣ ጥያቄ ያለው እዛው ላይ ያንሳ።