መጠኑ ያነሰ የ16 ሚሊ ፌሮ እንዲቀየርልን ስለመጠየቅ

ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ፦ የብረት ሽያጭ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ 180 ቤርጋ ባለ 16 ሚሊ ፌሮ በትክክለኛው እንዲቀየር

ጤና ይስጥልኝ።

አዳማ ለምንገነባው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ያዘዝነው ፌሮ ዓርብ ኅዳር 12 ማምሻውን ሳይት ደርሷል። በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ የተጻፈው የቤርጋ ብዛት ልክ ነው፤ አንድም አልጎደለም። ባለ 8 እና ባለ 12 ሚሊውንም መዝነናል፣ ችግር የለባቸውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ 16ቱ ነው። ከመጡት 300 ቤርጋዎች 180ዎቹ 16 ሚሊ አይደሉም።

ያገኘነው እንዲህ ነው። ከባለ 16 ሚሊው አምስት እስሮች ሁለቱ የፋብሪካ መለያ ታግ አላቸው። ሦስቱ ምንም የላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት የአማካሪው ተቆጣጣሪ ባለበት ከሁሉም እስር ናሙና ቆርጠን በኤሌክትሮኒክ ሚዛን መዘንን። ታግ ያላቸው በሜትር 1.55 እና 1.56 ኪሎ ሆኑ። እነሱን ተቀብለናል። ታግ የሌላቸው ግን ከ1.38 እስከ 1.42 ነው የመጡት፤ አማካያቸው 1.40። እንዳይሸወድብን ብለን ሙሉ ቤርጋም መዝነናል። 12 ሜትሩ 16.8 ኪሎ ነው።

ባለ 16 ሚሊ ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ መመዘን እንዳለበት እናንተም ታውቃላችሁ። ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል ነው፤ ማንኛውም ፌራዮ በቃሉ ይዞታል። የአይኤስኦ 6935-2 ደረጃ ለዚህ መጠን የሚፈቅደው ልዩነት 5 በመቶ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 1.50 መሙላት ነበረበት። የእናንተው ከ11 በመቶ በላይ ይጎድላል። ሒሳቡን ወደ ኋላ ብንመልሰው የያዝነው 15 ሚሊ ገደማ የሆነ ብረት ነው።

ቅዳሜ በስልክ ስንነጋገር ከሽያጭ ክፍላችሁ የተሰጠኝ መልስ «በካሊፐር ለኩት፣ 16 ይሞላል» የሚል ነበር። ለክተነዋል። እውነት ነው፣ ካሊፐሩ 16 ያሳያል። የሚያሳየው ግን ከሪቡ ጫፍ እስከ ሪቡ ጫፍ ሲያዝ ነው። በሪቦቹ መሐል ሲለካ 14.5 ነው። የጎርባጣ ፌሮ ዲያሜትር ከሪቡ ላይ አይነበብም፤ በሜትር ክብደቱ ነው የሚታወቀው። ሪቡ ሲሚንቶውን ቆንጥጦ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው የብረቱ አካል ነው። በካሊፐሩ መከራከሩን ብንተወው ለሁለታችንም ጊዜ ይቆጥባል።

ብረቱ የሚገባው ኮለን ውስጥ ነው። ዲዛይኑ ለእያንዳንዱ ኮለን ስምንት ባለ 16 ይጠይቃል። ይህ ወደ 1,608 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ብረት ማለት ነው። በዚህኛው ብንሠራ 1,426 አካባቢ ነው የምናገኘው። ከእያንዳንዱ ኮለን አንድ ፌሮ መዝዘን የመውሰድ ያህል ነው። አዳማ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረውን መንቀጥቀጥ እዚህ ያልሰማ ሰው የለም። እዚህ ከተማ ኮለን ላይ «ትንሽ ቢጎድልስ» የሚባል ነገር የለም።

ዋጋ ልትቀንሱልን ማሰባችሁን ሰምቻለሁ። ለቅንነታችሁ አመሰግናለሁ፤ ግን አንቀበልም። የጎደለው ኪሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ በገንዘብ ይተካ ነበር። የከፈልነው ቤርጋው 18.95 ኪሎ እንደሚመዝን ታስቦ ስለሆነ በ180ው ላይ 387 ኪሎ፣ ወደ አራት ኩንታል የሚጠጋ፣ ጎድሎብናል። እኛ የምንጠይቀው ግን ብሩን አይደለም። ፌሮ ጨምሮ መሥራትም አያዋጣም። ኮለኑ በመደራረቢያው ቦታ ላይ ከወዲሁ ተጨናንቋል፣ ኮንክሪቱ የሚገባበት ክፍተት እንኳ አይተርፍም፣ አማካሪውም አይፈርምልንም። «ለሶሌታ አድርጉት» የሚለውም ሐሳብ እንደዚያው ነው። ሳይት ላይ እስከቆየ ድረስ አንድ ቀን ከደህናው ጋር መቀላቀሉ አይቀርም። ለጊዜው ጫፉን ቀይ ቀለም ቀብተን ለብቻው ከምረነዋል። ለናሙና ከተቆረጠው በቀር አልተነካም።

ንብረት ክፍላችን «ተረክቤአለሁ» ብሎ መፈረሙም ተነስቷል። የፈረመው ለብዛቱ ነው። መሽቶ የገባ መኪና ላይ ቆሞ በሜትር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚያውቅ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዥ የተረከበውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ነው የሚጠይቀው። ቅዳሜውኑ በስልክ አሳውቀናል፤ ዛሬ ሰኞ ደግሞ በጽሑፍ እያሳወቅን ነው።

ስለዚህ እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ድረስ 180 ቤርጋ ትክክለኛ ባለ 16 ሚሊ ፌሮ እንድታስገቡልን እጠይቃለሁ። ሲመጣ በየእስሩ የፋብሪካው ታግ ይኑርበት። የፋብሪካው የፍተሻ ሰርተፊኬትም አብሮ ይምጣ፣ በታጉ ላይ ያለው ቁጥር ከሰርተፊኬቱ ጋር መግጠም አለበት። ከመኪናው ሳይወርድ ከየእስሩ ናሙና እንመዝናለን። የእናንተ ሰው አብሮን ቢቆም ደስ ይለናል፤ በኋላ «እኔ አላየሁም» የሚባል ነገር አይኖርም። በሜትር ከ1.50 በታች ከሆነ አይወርድም። እባካችሁ ደግሞ ታጥፎ አይምጣ። ለባለ 8 ሚሊው ግድ የለኝም፤ 16ቱን ግን አጥፎ መልሶ ማቅናት ብረቱን ይጎዳዋል። ረጅም ተሳቢ ይላክ።

ያው መኪና ሲመለስ ቀይ የተቀባውን ይዞ ይሂድ። የማመላለሻውና የጫኝ አውራጁ ወጪ የእናንተ ይሆናል። ለናሙና የተቆረጡትም አብረው ይመለሳሉ፤ ከቁጥሩ ላይ እንዳይቀነሱ።

የሁለተኛ ፎቅ ኮለን ኮንክሪት የሚሞላው ማክሰኞ ኅዳር 23 ነው። ፌራዮዎቹ በቀን ሒሳብ ነው የሚሠሩት። ፌሮው ዓርብ ካልገባ ባዶ እጃቸውን ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ የሚያስፈልገንን ከሌላ ቦታ እንገዛለን፤ የዋጋውን ልዩነትና የቆመውን ሠራተኛ ሒሳብ ከቀሪ ክፍያችሁ ላይ እንቀንሳለን። እዚያ እንድንደርስ አልፈልግም። ከዚህ በፊት ያመጣችሁልን የመሠረቱ ፌሮ እንከን አልነበረውም፣ ታግ ያላቸው ሁለቱ እስሮችም እንደዚያው ናቸው። ታግ የሌላቸው ሦስቱ ከየት እንደተጫኑ መጋዘናችሁን ብትጠይቁ መልካም ነው። ምናልባት ሌላ ሳይትም ደርሶ ይሆናል።

መኪናው መቼ እንደሚነሳ እስከ ነገ ከሰዓት ድረስ በስልክ አሳውቁኝ።

ከሰላምታ ጋር

የሳይት መሐንዲስ
አዳማ

አባሪ፦ አማካሪው የፈረመበት የልኬትና የሚዛን መዝገብ፣ የእስሮቹና የታጎቹ ፎቶዎች፣ የማስረከቢያ ሰነዱ ቅጂ

ግልባጭ፦
ለፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ለአማካሪ መሐንዲስ
ለግዥ ክፍል
ለንብረት ክፍል