ለሥራ ማመልከቻዎ የተሰጠ ምላሽ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ሰላማዊት

ጉዳዩ፦ ለሲኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ ያቀረቡትን ማመልከቻ ይመለከታል

ካዛንቺስ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤታችን ለወጣው የሥራ መደብ አመልክተው የጽሑፍ፣ የተግባርና የቃል ፈተናዎቹን በመውሰድዎ ከልብ እናመሰግናለን። ሆኖም ፈታኝ ኮሚቴው የተወዳዳሪዎችን ውጤት መርምሮ ለመደቡ ሌላ አመልካች የመረጠ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን። ዜናው እንደማያስደስትዎ ስለምንረዳ፣ ምክንያቱን ሳንነግርዎ ማለፍ አልፈለግንም።

ድርጅታችን ዕቃ ከውጭ አስመጥቶ የሚያከፋፍል በመሆኑ፣ ከዚህ መደብ የሚጠበቀው ዋናው ሥራ የግዢውን ዋጋ፣ የማጓጓዣውን፣ የመድን ዋስትናውንና የጉምሩክ ቀረጡን ወጪ ለእያንዳንዱ ዕቃ አከፋፍሎ ትክክለኛውን የመጋዘን ዋጋ ማውጣት ነው። በተግባር ፈተናው ላይ በጉምሩክ የተከፈለውን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከዕቃው ዋጋ ጋር ደምረውታል፤ ለታክሱ የተመዘገበ ድርጅት ግን ይህን ክፍያ ከሽያጭ ከሚሰበስበው ታክስ ላይ ስለሚያቀናንሰው በዕቃው ዋጋ ውስጥ ሊገባ አይገባም። ያለፉትን ሦስት ዓመታት በሆቴል ሒሳብ ክፍል ስለሠሩ ይህ ሥራ አዲስ ቢሆንብዎ አይደንቅም። በሌላ ወቅት ቢሆን እያሠራን ባሠለጠንዎ ነበር፤ ነገር ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና የዓመቱን የትርፍ ግብር እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ ስላለብን፣ አሁን የምንቀጥረው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራውን ለብቻው የሚወጣ መሆን ነበረበት።

በሌላ በኩል የባንክ ሒሳብ ማስታረቁን ያለአንዳች ስህተት ሠርተዋል። በፈተናው መካከል መብራት ጠፍቶ ፒችትሪ የተከፈተበት ኮምፒውተር ሲዘጋም፣ ወረቀት ጠይቀው የቀረውን በእጅ ጽፈው ማስረከብዎን ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሮታል፤ ከፈታኞቹ አንዱ እንደመሆኔ፣ እኔም በቦታዎ ብሆን እንዲያ በረጋ መንፈስ እቀጥል እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ ግብሩ ከታወቀ በኋላ፣ በኅዳር ወር ለሒሳብ ክፍሉ ተጨማሪ ሠራተኛ ለመቅጠር አስበናል። እስከዚያው የዲክላራሲዮን ሰነድ አነባበብንና የአስመጪነት ወጪ አመዘጋገብን ቢለማመዱ የጎደለው ይሞላል ብለን እናምናለን፤ በመሆኑም ማስታወቂያው ሲወጣ ደግመው እንዲያመለክቱ እንጋብዝዎታለን። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎ ቅጂ በማኅደር ስለሚቆይ በድጋሚ ማቅረብ አይጠበቅብዎትም፤ ከማመልከቻው ጋር ይህን ደብዳቤ ማያያዝ ይበቃል። ወደ ቃል ፈተናው እንደሚያልፉ ግን ከወዲሁ ቃል ልንገባ አንችልም፤ ውድድሩ ለሁሉም እኩል ክፍት ይሆናል።

ስለ ፈተና ወረቀትዎ ተጨማሪ ማብራሪያ ከፈለጉ፣ በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ ቢሮአችን ቢመጡ አብረን እናየዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ