ልጃችን ቃልኪዳን ጌታቸው ከአክስቷ ጋር ወደ ጀርመን እንድትጓዝ የሰጠነው የወላጆች የፈቃድ ደብዳቤ

ቀን፦ ግንቦት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2026)
ደብረ ሲና ተጽፎ አዲስ አበባ የተፈረመ

ለጀርመን ኤምባሲ፣ አዲስ አበባ
ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት
በመውጫና በመግቢያ ኬላ ላይ ይህንን ደብዳቤ ለሚመለከት ማንኛውም አካል

ጉዳዩ፦ ዕድሜዋ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጃችን ከአክስቷ ከወ/ሮ አስቴር ደምሴ ጋር ለአጭር ጊዜ ወደ ውጭ አገር እንድትጓዝና እንድትመለስ የተሰጠ ፈቃድ

እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተገለጸው አባት አቶ ጌታቸው ደምሴ ሀብተየስ እና እናት ወ/ሮ ዘነበች ሽፈራው ወልደጻድቅ፣ አድራሻችን በአማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ደብረ ሲና ከተማ ሲሆን፣ አባት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር፣ እናት ደግሞ በከተማው የራሷ መስፊያ ቤት ያላት ልብስ ሰፊ ነን። በጋብቻ ጸንተን የምንኖር ስለሆንን፣ በክልላችን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት የልጃችን አሳዳሪዎችም ሞግዚቶችም ሁለታችን በጋራ ነን። ስለዚህም ደብዳቤውን አንዳችን ስለሌላው ሳንፈርም ሁለታችንም በአካል ቀርበን ፈርመናል።

ልጃችን ቃልኪዳን ጌታቸው ደምሴ ጥቅምት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ደብረ ሲና ተወለደች። ቀኑ በፓስፖርቷ ላይ ኦክቶበር 21 ቀን 2014 ተብሎ ተጽፏል፤ በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ የሚለያየው የዘመን አቆጣጠሩ ብቻ ነው። አሁን የ5ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

የስሙን ጉዳይ እዚህ ላይ ብናብራራ ይሻላል፣ ኬላ ላይ የሚቆም ባለሥልጣን ሊጠይቅበት የሚችለው ይኸው ነውና። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ልጅ የአባቷን ስም፣ ከዚያም የአያቷን ስም ትከተላለች። በዚህም ምክንያት ልጅቱ በእናቷ ስም አትጠራም። እናቷ ከእሷ ጋር ብትጓዝ እንኳ በፓስፖርታቸው ላይ የሚመሳሰል ስም አይገኝም። አክስቷ ወ/ሮ አስቴር ደምሴ ሀብተየስ የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ «ደምሴ» የአስቴርና የጌታቸው አባት፣ የቃልኪዳን ደግሞ አያት ነው። ስለዚህ ስሙ በአክስቷ ፓስፖርት ላይ ሁለተኛ፣ በልጅቱ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። የልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀትና የሁለታችን የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ቅጂ ተያይዟል፤ ከእነሱ ጋር ሲመሳከር ዝምድናው ግልጽ ይሆናል።

የጉዞው ምክንያት አያቷን ለማየት ነው። የአባቷ እናት ወ/ሮ ብርቄ ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ከታናሹ ልጃቸው ከአቶ ሰሎሞን ደምሴ ጋር ይኖራሉ። ኩላሊታቸው ስለታመመ በሳምንት 3 ቀን ዲያሊሲስ ይደረግላቸዋል፤ ከዚያ ማሽን ርቀው ወደ አገር ቤት መምጣት አይችሉም። ቃልኪዳንን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እናቷ በመስፊያው ቤት ስትውል ልጅቱን በጀርባቸው አዝለው ገበያ የሚወጡት እሳቸው ነበሩ። እስከ ዛሬ በስልክ ሲያወሩ ሁለቱም ያለቅሳሉ። የግብዣ ደብዳቤውን የላከው አቶ ሰሎሞን ነው፤ እሱም ከቪዛ ማመልከቻው ጋር ቀርቧል።

ሁላችንም ብንሄድ ደስ ባለን። ነገር ግን የቤተሰቡን ሁሉ ቲኬት አቅማችን አይችለውም፤ የ3 ዓመት ወንድ ልጅም አለን። ወ/ሮ አስቴር ደብረ ብርሃን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሁለት ልጆቿና ባሏ እዚሁ ናቸው፤ እሷም መሄጃም መመለሻም አላት። ልጃችንን ለእሷ ስንሰጥ ለእናቷ የሰጠን ያህል ይሰማናል።

በመሆኑም ልጃችን ቃልኪዳን ከአክስቷ ጋር ሐምሌ 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጁላይ 12 ቀን 2026) በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ፍራንክፈርት እንድትበር፣ ከዚያም በባቡር ኮሎኝ ሄዳ በአጎቷ ቤት እንድትቆይ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦገስት 30 ቀን 2026) በዚያው መንገድ ከአክስቷ ጋር እንድትመለስ ፈቅደናል። ከጉዞው በፊት ቦሌ ድረስ የምንወስዳት እኛ ነን፤ ስትመለስም መውጫው በር ላይ የምንቀበላት እኛው ነን። በረራ ቢሰረዝ ወይም ሐኪም ጉዞውን ለጥቂት ቀናት ቢያዘገየው፣ ቪዛዋ እስከፈቀደ ድረስ ፈቃዳችን እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 10 ቀን 2026) ይጸናል። ከዚያ በኋላ ይህ ደብዳቤ ዋጋ የለውም፤ ሌላ ቀን የሚጨመረው እኛ በጽሑፍ ስንሰጥ ብቻ ነው። በመስከረም ትምህርት ይከፈታል፤ ልጅቱም እንቁጣጣሽን ቤቷ ታሳልፋለች።

ፈቃዳችን እስከ የት እንደሚደርስ ግልጽ እንዲሆን የሚከተለውን እንገልጻለን። በቆይታዋ ጊዜ ወ/ሮ አስቴር የልጅቱን ፓስፖርት፣ የጉዞ ሰነድና መድኃኒት ትይዛለች፤ በኬላ፣ በኤርፖርት፣ በፖሊስ ወይም በሐኪም ዘንድ በእኛ ምትክ ቀርባ ታነጋግራለች። ወደ ቤልጂየም ደርሶ መልስ ዘመድ ለመጠየቅ ቢሄዱ አንቃወምም፤ ግን ከመነሳታቸው በፊት ይንገሩን። ከዚህ ውጭ ወደ ሌላ አገር፣ በተለይም ከሸንገን አካባቢ ውጭ፣ ልጅቱን መውሰድ አልተፈቀደም።

እንዲሁም ይህ ደብዳቤ ልጃችንን ለማንም አሳልፎ የሚሰጥ አይደለም። በእሷ ስም የጥገኝነት ጥያቄ ማቅረብ፣ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ፣ ለጉዲፈቻ መስጠት፣ እዚያ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ፓስፖርቷን ለሌላ ሰው ማስረከብ ወይም ሞግዚትነቱን ማዛወር አይቻልም። ይህንን የጻፍነው አስቴርን ወይም ሰሎሞንን ጠርጥረን አይደለም፤ ሁለቱም ይህን ገጽ ከመፈረሙ በፊት አንብበውታል፤ ሰሎሞን «ይህ መስመር መኖር አለበት» ያለው ራሱ ነው። ሌላ ሰው «ወላጆቿ ሰጥተዋታል» እንዳይል ነው።

የጤናዋን ጉዳይ በሚመለከት፤ ቃልኪዳን አስም አለባት። ደብረ ሲና ጉሙ ሲወርድና ብርዱ ሲበረታ ይነሳባታል፤ አዲስ ቦታና ምንጣፍ ያለበት ክፍልም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሰማያዊውን ሳልቡታሞል ፓፍ ሁልጊዜ በእጅ ቦርሳዋ ትይዛለች፤ ወደ ጭነት የሚላከው ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። ሲያፍናት 2 ጊዜ ትስባለች፤ ካልቀነሰላት፣ መናገር ካቃታት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ወዲያው 112 ይደወል። ከዚህ ሌላ የምናውቀው የመድኃኒት አለርጂ የለባትም።

ድንገተኛ ሕመም ወይም አደጋ ቢደርስ ሐኪሞች አስፈላጊውን ሕክምና እንዲሰጧት፣ እኛን ማግኘት ካልተቻለና ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ቀዶ ሕክምናንም ጨምሮ ወ/ሮ አስቴር እንድትፈርም ፈቅደናል። ጊዜ የሚሰጥ ሕክምና ከሆነ ግን ውሳኔው የእኛ ነው። ለጉዞው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ተገብቶላታል፤ የቲኬቱንና የኪስ ገንዘቡን ወጪ እኛ፣ የምግብና የማደሪያውን ደግሞ አቶ ሰሎሞን ይሸፍናል።

ፍልሰታን ትጾማለች። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አትቀምስም፤ አክስቷ ታውቃለች፤ ሆስፒታል ብትገባ ግን ሐኪሙ ያዘዘላትን ትብላ፣ ለሕመም ጾም አይያዝም።

ስልካችን በቪዛ ማመልከቻው ላይ ተመዝግቧል። እናቷም የእኛን፣ የአጎቷንና በኮሎኝ የሚኖሩበትን ቤት አድራሻ በወረቀት ላይ በአማርኛና በጀርመንኛ አጽፋ፣ በፕላስቲክ ሸፍና በልጅቱ የቦርሳ ኪስ ውስጥ ሰፍታዋለች፤ ከአክስቷ ብትለይ ማንም ሊያየው ይችላል። በየማታው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ኮሎኝ ላይ 19፡00 ሲሆን ከእሷ ጋር እንነጋገራለን። ደብረ ሲና ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን ስላለ አንድ ማታ ባንገናኝ አያስደነግጣችሁ።

ወ/ሮ አስቴር በሕመም ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት ልጅቱን ይዛ መመለስ ባትችል፣ ለማንም መንገደኛ አትሰጥ። ወይ አባቷ ሄዶ ያመጣታል፣ ወይም እኛ አዲስ ደብዳቤ ጽፈን አቶ ሰሎሞን አየር መንገዱ ለብቻቸው ለሚጓዙ ልጆች በሚሰጠው አገልግሎት ይልካታል።

ልጃችንንም ጠይቀናት በደስታ ተስማምታለች። ቅር ያላት ነገር ቢኖር ትንሹ ወንድሟን ትታ መሄዷ ነው።

ይህ ደብዳቤ በጀርመንኛ ተተርጉሞ አብሮ ቀርቧል፤ በትርጉሙ ላይ ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው ይጸናል። ይህንን ፈቃድ የሰጠነው በማንም ሳንገደድና ሳንታለል፣ በሙሉ ፈቃዳችንና በጤናማ አእምሮ መሆኑን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቀርበን በፊርማችን እናረጋግጣለን።

አባት፦ ጌታቸው ደምሴ ሀብተየስ (ፈርሟል)
እናት፦ ዘነበች ሽፈራው ወልደጻድቅ (ፈርማለች)

የአክስት ቃል

እኔ ወ/ሮ አስቴር ደምሴ ሀብተየስ፣ ወንድሜ ጌታቸውና ባለቤቱ ዘነበች የጻፉትን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ተስማምቻለሁ። ቃልኪዳንን እንደ ልጄ እጠብቃታለሁ፤ ነሐሴ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ይዣት እመለሳለሁ፤ ከተፈቀደልኝ ውጭ አልሄድም፣ አልወስንም። ልጅቱን በማንኛውም ምክንያት በተባለው ቀን ካልመለስኩ በሕግ ተጠያቂ መሆኔን አውቄ ፈርሜያለሁ።

አስቴር ደምሴ ሀብተየስ (ፈርማለች)

እማኞች፣ ወላጆቹና አክስቷ በፈቃዳቸው ሲፈርሙ አይተናል፦
አቶ መኮንን ተስፋዬ ገብረሕይወት፣ ደብረ ሲና (ፈርሟል)
ወ/ሮ ሙሉነሽ አበበ ካሣዬ፣ ደብረ ብርሃን (ፈርማለች)

አባሪ፦ የልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የልጅቱና የአክስቷ ፓስፖርት ቅጂ፣ የወላጆች የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የመታወቂያ ቅጂ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የአስም መድኃኒቱ የሐኪም ማስረጃ እና የአቶ ሰሎሞን የግብዣ ደብዳቤ።